ከሰማንያ ብር በታች

በርበሬ ተራ ውስጥ ነጋዴ ሁሉ የሚምለው መሐላ አንድ ነው፤ «ዋናዬን አላመጣም!» በሃምሳ ብር የገዛውን በሰባ እየሸጠ፣ ብሩን እየተቀበለም «ዋናዬን አላመጣም» ይላል። እግዜርም ለምዶታል መሰለኝ አይቆጣም። የእኔ ባል ጥፋት የማለው እውነቱን መሆኑ ነው።

ባሌ አስናቀው የጎጃም ሰው ነው። እኔ ፋናዬ እባላለሁ። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ የሰጠን አማኑኤል አጠገብ ያለች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነበረች። ጭቃዋን የረገጥኩት፣ ግድግዳዋን የለሰንኩት እኔ ነኝ። ሰው ልጁን እንደሚያወራ እኔ ቤቴን ሳወራ ጎረቤት ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር በእጄ የቀረ ነገር ቢኖር እሷ ነበረች።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ በማረቆ በርበሬው በበሽታ አለቀ የሚል ወሬ መርካቶን ሞላ። ዋጋው በሳምንት ውስጥ ተተኮሰ። አስናቀውና የመጋዘን ጎረቤታችን ጁነዲን ተነጋግረው አንድ መቶ ኩንታል ዛላ በርበሬ፣ ኩንታሉን በሰማንያ ብር ገዙ። ስድሳው የእኛ፣ አርባው የጁነዲን። የእኛ ገንዘብ ሁሉ፣ የሱቁን ዕቃ መግዣ ጨምሮ፣ እዚያ ጆንያ ውስጥ ገባ። አስናቀው ያን ሰሞን አቤት አረማመዱ! ከራጉኤል ቅዳሴ ሲወጣ እንኳ እንደ ደጃዝማች ነበር የሚንጎራደደው።

ወሬው ውሸት ነበር። ኅዳር ላይ አዲሱ በርበሬ በመኪና በመኪና ገባ፤ ተራው ቀላ። ዋጋው ወደ ሃምሳ አምስት ወረደ።

ጁነዲን አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም። አርባ ኩንታሉን በሃምሳ አምስት ሸጦ ሲጨርስ አይቼዋለሁ፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ግን ሸጠ። በብሩ አቡጀዲና ሻሽ ገዛ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የምንለው እኛ ክርስቲያኖቹ ነን፤ ያወቀበት ግን ጁነዲን ነው። ጥምቀት ሳይደርስ ጨርቁ አለቀለት።

የሸጠ ዕለት እኛ መጋዘን መጥቶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«አስናቀው፣ ወላሂ እውነቱን ንገረኝ» አለው። «አሁን በኪስህ ጥሬ ብር ቢኖር፣ ዛሬ በሃምሳ አምስት በርበሬ ትገዛለህ?»

«አብጃለሁ እንዴ! ገና ሊወርድ?»

«እንግዲያው ሳትሸጥ ባደርክ ቁጥር በሃምሳ አምስት እየገዛህ ነው። ዋጋው ይወጣል ብለህ ብትይዘው አፌን ዘግቼ እወጣ ነበር። ይወርዳል እያልክ የምትይዘው ምን ልትሆን ነው?»

«በሰማንያ ነዋ የገዛሁት!»

«ሰማንያው ሄደ። ብትሸጥም አይመለስ፣ ባትሸጥም አይመለስ። በእጅህ ያለው ሃምሳ አምስቱ ነው፤ እሱን አውጣ። ከዚያ ዋናህን በጨርቅ አምጣው፣ በጨው አምጣው፤ ብር እንደሆን ከየት እንደመጣ አይጠየቅ።»

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። አስናቀው ግን ብድግ አለ፤ በሩ ላይ ወጣና ደላላውም፣ ተሸካሚውም፣ የተራው ነጋዴም እየሰማ «ራጉኤልን! ከሰማንያ ብር በታች ከዚህ መጋዘን አንዲት ዛላ አትወጣም!» ብሎ ማለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ጁነዲን ራሱን ነቅንቆ ወደ ሱቁ ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነገሩን ሁሉ በመሐላው አሳበብኩ። ይኸ ሰው መሸጥ አልጠላም፣ የያዘው መሐላው ነው አልኩ። የገና በዓል ሳይደርስ የነፍስ አባታችን አባ ሙሉብርሃን ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ደግ ሰው ናቸው። በእግራቸው መጋዘን ድረስ መጡልኝ፤ ከበርበሬው የተነሳ እያስነጠሱ አስናቀውን ገሠጹት፣ ለችኮላ መሐላው አርባ ስግደት ቀኖና ሰጡት፣ መስቀል አሳለሙት።

«ልጄ፣ ከመሐላው ተፈትተሃል። ገበያው ባለው ሽጥ» አሉት።

አስናቀው እንባው መጣ። «ዕረፍት ሰጡኝ አባ» አለ። እኔም እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በማግስቱ ገዢ መጣ፤ ሃምሳ ሁለት ሰጠ። አስናቀው አልሸጠም።

«አሁንስ ማን ያዘህ?» አልኩት። ጮኼበታለሁ፤ አልዋሽም።

«በኩንታል ሃያ ስምንት ብር ለጅብ ልስጥ? እ? ያ ሁሉ ብር እንዲያው ውሃ በላው ልበል?»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እኮ፣ አስናቀው!»

«አንቺ ምኑን ታውቂዋለሽ» አለኝና ስግደቱን ሊፈጽም ራጉኤል ሄደ። ስግደቱን አንድ ሳያጎድል ፈጸመ። በዚያን ጊዜ ነው ልቤ የከዳኝ። መሐላ ቢሆን ካህን ይፈታዋል። ይህን የሚፈታ ግን ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም።

የካቲት ላይ ዋጋው አርባ ገባ። ለመጋዘኑ በየወሩ አርባ ብር ኪራይ እንከፍላለን፤ ሱቁ ባዶውን ነው፤ ዕቃ መግዣ የለም። አንድ ማታ አስናቀው እንደ ልጅ ደስ ብሎት ገባ። መድኃኒቱን አገኘሁት አለኝ። አሁን ስድሳ ኩንታል በአርባ ብር ብንጨምር፣ ስድሳው በሰማንያ፣ ስድሳው በአርባ፣ ሲደባለቅ አንዱ ኩንታል በስድሳ ብር ገባልን ማለት ነው። «ሰማንያን መጠበቅ ቀረ! ስድሳ ከደረሰ ዋናችን ተመለሰ!»

«ብሩስ?»

 ቀና ብሎ የቤታችንን ጣሪያ አየ። ገባኝ።

ቤቷ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ታወጣለች፤ ስድሳ ኩንታል በአርባ ልክ ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው። ሂሳቡ ልክ መግጠሙ የእግዜር ምልክት ነው አለኝ፤ እግዜርን እንዲህ ባለ ነገር ውስጥ ማስገባት! ወደ ጁነዲን ሮጥኩ።

«እትዬ ፋናዬ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ፣ «ገበያው የእናንተን ሂሳብ አያውቅም። ስድሳ ቢሆንላችሁም መቶ ቢሆንላችሁም ገዢ አርባ ካለ አርባ ነው። የመጀመሪያው ስድሳ የከሰረው እዚያው ከስሯል፤ ሁለተኛው ስድሳ ለብቻው ይመዘናል። እሱ ደግሞ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ነው። አይፈርሙለት።»

ከአዲሱ ሕግ ወዲህ የባልና ሚስት ቤት ያለ ሚስት ፊርማ አይሸጥም። ስለዚህ ነገሩ በእጄ ነበር። ሰው አቅም አጣሁ ሲል እጁ ታስሮ ይመስለዋል ሰሚው፤ የእኔ እጅ አልታሰረም። ሦስት ቀን እንቢ አልኩ። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሲያለቅስ አገኘሁት፤ ያን የሚያህል ወንድ። «ፋናዬ፣ ይቺን ካላደረግሽልኝ ያ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው» አለ። ከንቱ መሆኑን አውቃለሁ። ግን አሥራ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ ዛሬ ብጥለው ያ ሁሉ ዓመትስ ምን ሊባል ነው አልኩ። አሁን ሳስበው የሱ ቋንቋ ነበር፤ እኔ ግን ፍቅር መሰለኝ። ሄጄ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ።

የመጋዘኑን አንድ ጥግ በጆንያ ጋርደን እዚያ ገባን። ሌሊት ስንገላበጥ እናስነጥሳለን፣ ዓይናችን ያብጣል። ፋሲካ መጣ፤ ሰው ለዶሮው የሚሆነውን በርበሬ ገዝቶ ጨረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ዋጋው ሠላሳ ሁለት ሆነ። አስናቀው «ስድሳ ይገባል» ማለቱን ተወ። ምንም ማለት ተወ። ሰኔ ላይ ዝናቡ በጣሪያው ቀዳዳ እየገባ ከታች ያለው ጆንያ መጥቆር ጀመረ፤ እኔ ማለዳ ማለዳ የጠቆረውን እለቅማለሁ። ስድስት ኩንታል ያህል ለቅሜ ጣልኩ።

ሰኔ ሃያ ቀን ከሰዓት በኋላ ደላላው ቦጋለ መጣ። ቦጋለ አጭበርባሪ አይደለም፤ ድሮም ለእኛ ያዝንልን ነበር።

«ጋሼ አስናቀው፣ ገዢ አለኝ። የቀረውን መቶ አሥራ አራት ኩንታል ጠርጎ ይወስዳል፤ በሃያ ስምንት። ሦስት ሺህ ከሁለት መቶ ብር ስምንት ብር ይጎድላል፤ ዛሬውኑ ጥሬ ብር። ክረምቱ ገባ፤ ነገ ይኸም አይገኝም። ወደ መስከረም ደግሞ አዲሱ እሸት ይደርሳል። ይስጡትና ይገላገሉ።»

በልቤ አሰላሁት። ሦስት ሺህ ብር! ሌላ ቤት ሊሠራበት ይችላል፤ ወይ ሱቁ በዕቃ ይሞላል፤ ለጁነዲን ብንሰጠው ጨርቅ ያመጣልናል። ደግሞ እስከ መስከረም ብንቆይ የሚጠቁረው ብቻ አሥር ኩንታል ነው። ከዚህ የተሻለ የለም። እርግጠኛ ነበርኩ።

 አስናቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ተሸንፎ ነበር።

«ፋናዬ፣ እኔ ደክሞኛል» አለ። «አንቺ ያልሽው ይሁን። እንስጠው?»

ከኅዳር ጀምሮ የጠበቅሁት ቃል ነው። ስጠው ለማለት አፌን ከፈትኩ። የለሰንኩት ግድግዳ ታየኝ፤ ቤቷን የገዛችው ሴት የሰቀለችው መጋረጃ ታየኝ። በሃያ ስምንት?

«ቤቴ የገባበት በርበሬ ነው» አልኩ። «በሃያ ስምንት አይወጣም።»

ድምፁ የእኔ ነው፤ ሰማሁት። ቦጋለ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። አስናቀው ቀና አለ፤ ፊቱ ፈካ፤ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ቀን ወዶኝ አያውቅም።

ቦጋለ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወጣ። ዝናቡ ስለበረታ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ እስከ መሳለሚያ መንገድ መታጠፊያ ድረስ ይታየኝ ነበር። ብጠራው ይሰማል። በሩ ላይ ቆሜ እስኪታጠፍ አየሁት፤ አልጠራሁትም።