ሦስት ትኬት ለአንድ መንገድ

ሰፈሩ ምላጭ ብሎ ነው የሚጠራት። ምላሷ ስለሚቆርጥ ነው፤ እሷ ግን የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ በምላጭ ስለምከፍት ነው ትላለች። ሁለቱም ውሸት አይደለም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጋዋን ከሰፋች በኋላ ቀዳዳዎቹን በእጅ የምትሠራው ልጅ ናት። የእናትየዋ ጣት መገጣጠሚያ ካበጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቀጥ ያለ ስፌት በስፌት መኪና ታወርደዋለች፣ ቀዳዳ ላይ ግን ጣቷ እንቢ ይላል።

በዚያ ሳምንት የትልቁ ከተማ ሆስፒታል የሠራተኞቹን ጋዋን በሙሉ የሚሰፋለት ሰው ሊመርጥ ነበር። ፈተናው ስድስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ በሁለት ሰዓት አንድ ጋዋን ከነአምስት ቀዳዳው መጨረስ አለበት፤ የስፌት መኪናው ከሆስፒታሉ ነው፣ ሰፊው ረዳቱን ይዞ ይመጣል። እናትና ልጅ ይህን ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ ለጥፈው አሥር ቀን ሲያዩት ከረሙ።

እናቷ የባቡሩን ነገር ለምላጭ የተወችላት ስልኩ የእሷ ስለሆነ ነው።

«እማ፣ ጉድ ላሳይሽ» አለች። «አንድ ትኬት እስከ ከተማው ብንቆርጥ ይኸን ያህል ነው። ሦስት ቦታ ብንከፋፍለው ግን ሲሶው ይቀርልናል።»

እናቷ መቀሱን ሳታስቀምጥ በመነጽሯ ላይ ተመለከተቻት። «ያው ባቡር፣ ያው መንገድ?»

«ያው ወንበር! ከዚህ እስከ መሃሏ ትንሽ ጣቢያ አንድ፣ ከዚያ መስመሮቹ እስከሚገናኙበት መጋጠሚያ ጣቢያ ሁለት፣ ከመጋጠሚያው እስከ ከተማው ሦስት። ባቡሩ ትንሿ ጣቢያ ላይ ይቆማል፣ እኛ ንቅንቅ አንልም። መጋጠሚያው ላይ ብቻ ወርደን ፈጣኑን እንይዛለን። የፈጣኑ ትኬት ርካሹን ነው የወሰድኩት፤ ለዚያ ባቡር ብቻ የሚሠራውን።»

«ይቅናሽ። በስፌቱ መሃል ምን ያህል ተውሽ?»

«ምኑን?»

«መጋጠሚያው ላይ። ከዚህኛው ወርደን እዚያኛው እስክንገባ።»

«አሥራ አራት ደቂቃ። መሻገር ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እማ፤ አሥራ አንዱን ምን ልናደርገው? ልንጨፍርበት?»

እናትየዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከንፈሯ ላይ ቀረ። «ጨርቅ ስትቆርጪ ትርፍ ሳትተዪ አትቆርጪም» ብላ ወደ መኪናዋ ዞረች።

በጠዋቱ ባቡር ሁሉም ነገር እንደተባለው ሄደ። ትኬት ተቆጣጣሪው መጥቶ ሁለቱን ትኬቶች አየ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ ፈታው። «ትንሿ ጣቢያ ላይ እንቆማለን፤ ልክ ነው» አለ። «ባንቆም ኖሮ ግን አስወርዳችሁ ነበር።»

ምላጭ እናቷን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «አየሽ? የተማረ ሰው ነው የመሰከረልኝ።»

«ዝም በይ አሁን» አለች እናትየዋ። የስፌት መኪናዋን ቤት ትታ ሽርሽር የወጣች ሴት ብትመስልም፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቦርሳ አልለቀቀችም። መቀሷ፣ ሜትሯና የመርፌዋ ትራስ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ትንሿን ጣቢያ አልፈው ብዙ ሳይሄዱ ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆመ። የሀዲዱ ምልክት ተበላሽቷል ተባለ። አምስት ደቂቃ፤ አሥር ደቂቃ። ምላጭ መጀመሪያ ቀለደች፣ ቀጥሎ ስልኳን ማየት ጀመረች፣ በመጨረሻ ስልኩን ፊቱን ወደ ታች አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሃያ አምስት ደቂቃ ዘግይተው መጋጠሚያው ሲደርሱ ፈጣኑ ሄዷል።

«ቀጣዩ በ4 ከ34 አለ» አለች እየሮጠች። «በ5 ከ34 ይደርሳል፤ ለፈተናው እንደርሳለን! አይዞሽ እማ!»

የትኬት መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ስልኩን አዙራ አየች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህ ነው የባሰው።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ትኬት ለሄደው ባቡር ብቻ ነው። አልፎበታል።»

«ያዘገያችሁን እናንተ ናችሁ እኮ!»

«አውቃለሁ። ከቤታችሁ እስከ ከተማው አንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በሚቀጥለው በነጻ አሳፍራችሁ ነበር። እናንተ ግን ሦስት ለየብቻ ገዛችሁ። ሦስተኛውን ትኬት የመጀመሪያው ባቡር መዘግየት አይመለከተውም። አዲስ መግዛት አለባችሁ፣ በዛሬ ዋጋ።»

የዛሬው ዋጋ ከርካሹ ሦስት እጥፍ ነበር። እናትየዋ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ከመቀሱ ሥር ያለውን ሁሉ አወጣች። ምላጭም ኪሷን ገለበጠች። ለአንድ ሰው ይበቃል። ለሁለት አይበቃም። ምላጭ በትኬቱ ያተረፈችው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር፣ ከላዩ ላይ ግን ገና ብዙ ይጎድላል።

«እኔ ሳልከፍል ልግባ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሽንት ቤቱ ውስጥ እቆማለሁ። አንድ ሰዓት ምን አላት?»

«የሆስፒታል ሥራ ልለምን ስሄድ ልጄን በሌባ ስም ላስይዛት?»

«እሺ እኔ ልሂድ። ቀዳዳውን...»

«ጋዋኑንስ ማን ይቆርጠዋል? ምላስሽ?»

ሌላ ጊዜ ይህ ለሳምንት የሚያስቅ ስድብ ነበር። እናቷ አንድ ትኬት ገዛች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ የልጅቱን አገጭ ባበጡ ጣቶቿ ይዛ «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለችና ገባች።

ምላጭ ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጣቶቿ ጭኗ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አሁን እናቷ እየቆረጠች ነው። አሁን ትከሻውን ገጠመች። አሁን ክንዱ። ሰባት ተኩል ላይ አይኗን ጨፈነች፤ ቀዳዳው ላይ ደርሳለች፣ መርፌው ከጣቷ እያመለጠ ነው። እዚህ ሁለት ሙሉ ጤነኛ እጆች ሥራ ፈተው የወንበር ቀለም ይፍቃሉ።

ምላጭ አስቀድማ የገዛቻቸው የመልሱ ትኬቶች አልተነኩም ነበር። ለየብቻ መገዛታቸው ለዚያ ጠቀመ፤ መሄጃው ቢበላሽም የመመለሻው የራሱ ነው። ፈጣኑ ልክ አሥር ሰዓት ላይ ገባ። እናቷ በመጨረሻው በር ወረደች።

«ምን ሆነ?»

እናትየዋ መጀመሪያ ተቀመጠች። ጫማዋን ፈታች። «ስፌቴን ገልብጠው አዩት። አንዷ ሴትዮ ‹እንዲህ ያለ ክንድ አላየሁም› አለች።»

«ቀዳዳውስ?»

«ሁለት። ሁለተኛው ላይ ደም ነካው።» ቀኝ እጇን አላሳየቻትም፤ ከነጠላው ሥር ነው። «‹ረዳትሽ የት አለች?› አሉኝ። ‹ጣቢያ› አልኳቸው። ሥራው ለሌሎች ተሰጠ፤ ለባልና ሚስት። ደህና ይሰፋሉ።»

ምላጭ ጠበቀች። ስድቡን ጠበቀች፣ ብትመታትም ትወድ ነበር። አልመጣም።

«ስደቢኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ? ስፌቱ መሃል ትርፍ እንዳልተውሽ እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ርካሽነቱ እኔንም አጓጉቶኛል።» ከቦርሳዋ ነጩን ጋዋን አውጥታ ጭኗ ላይ ጣለችላት፤ የማይፈልጉትን መልሰውላታል። ሦስት ቀዳዳ ይጎድለዋል፣ በሁለተኛው ቀዳዳ ጠርዝ ላይም የምስር ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ አለች። መርፌ፣ ክርና ምላጭም ሰጠቻት። «የቤት ባቡር መቼ ነው?»

«ከአርባ ደቂቃ በኋላ።»

«ከዚህ እስከ ቤት ስንት ትኬት ነው?»

«ሁለት።»

«መሃል ላይ መውረድ አለ?»

«የለም። ባቡሩ ይቆማል፣ እኛ ቁጭ።»

«አሳዪኝ።»

ምላጭ ስልኩን ሰጠቻት። እናቷ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱንም ትኬቶች ከላይ እስከ ታች፣ የጣቢያውን ስም፣ ሰዓቱን፣ እንደገና ሰዓቱን አነበበች። ልጅቱ አልቀለደችም። ሦስተኛውን ቀዳዳ በምላጭ ከፈተች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ጠርዙን በመርፌ መስፋት ጀመረች፤ እናቷ ስልኩን ይዛ፣ ከሀዲዱ በላይ ያለውን ሰዓት እያየች።