ለዱላው የቀረ ፊልም

እምሩ አስተርጓሚ ይባል እንጂ ጣሊያን ድንበር በጣሰበት በዚያ ጥቅምት የሰው አፍ ሲያስከፍትና ሲያስዘጋ ነበር የሚውለው። የፈረንጁ የሲኒማ ካሜራ ምስልና ድምፅን በአንድ ፊልም ላይ ይቀርጻል፤ ፊልሙ ካለቀ አለቀ ነው። የእምሩ ጥያቄ ኋላ ተቆርጦ ስለሚጣል መልሱ ለብቻው መቆም አለበት። «አዎን» ብቻ ያለ ሰው ምንም እንዳልተናገረ ይቆጠራል።

ትናንት አንድ ፊታውራሪ «ለዘመቻው ምን አዘጋጁ?» ቢባሉ ከቅድመ አያታቸው ጀመሩ፤ እሳቸው ገና ሳይወለዱ ፊልሙ አለቀ። ትልቅ ሰው አይቋረጥ ነገር! አሁን የቀረው የሦስት ደቂቃ ፊልም ነው፤ ፈረንጁም ነገ በባቡር ይሄዳል።

ስለዚህ እምሩ ብልጥ የሆነ መሰለው። ልጃቸው አባይነህ የዘመተባቸውን፣ አራዳ ገበያ ፈትል እየሸጡ የሚያድሩትን እማማ ደብሪቱን፣ ካሜራው ሳይተከል ጓሯቸው ውስጥ አስቀድሞ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ አባይነህ ሲዘምት ምን ሰጡት?»

«ጠመንጃ የለው፣ ዱላ ቆርጬ ሰጠሁት። አንድ ልጄን በዱላ ወደ መድፍ ሰደድኩት።»

እምሩ ደስ አለው፤ በደስታውም አፈረ። መሣሪያ አንሸጥላችሁም ያሉት መንግሥታት ይህችን ብቻ ቢሰሙ! ለእማማም ይህንኑ ነገራቸው።

«እንግዲያው ይስሙ» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

የጊዮርጊስ ደወል እስኪያበቃ ተጠበቀ። እምሩ ማይክሮፎኑን ከካሜራው እይታ ውጭ አድርጎ ያዘላቸው፤ ፊልሙ መዞር ጀመረ።

«እማማ፣ አባይነህ ሲዘምት ምን ሰጡት?»

«ቅድም የነገርኩህን?»

እምሩ ሆን ብሎ ዝም አለ። ዝምታ ሰው እንደሚያናግር ከፈረንጁ ተምሯል። እማማ ግን ከዝምታ ጋር የኖሩ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም ዝም አሉ።

«እንዳልሰማሁ ቆጥረው፣ እንደገና ይንገሩኝ።»

«ሰምተሃል፣ ልጄ። በሕይወት ላለ ልጅ እንዲህ ያለውን መደጋገም ሟርት ይሆንብኛል። አንዴ ወጣኝ፣ በቃ።»

ፈረንጁ አንድ ጣቱን አነሣ፤ አንድ ደቂቃ ቀርቷል። ያልተነገረ ሞልቶ ነበር፦ ዱላው ከየት ተቆረጠ? ልጁ ሲቀበል ምን አለ? ድንጋጤ ግን ልብ ያጠፋል፤ ለእምሩ ደቂቃው ሊያልቅ እስኪል አንዱም አልመጣለትም።

«ዱላ ነው የሰጡት፣ አይደለም?» ብሎ አረፈው።

«አዎን» አሉ እማማ።

ፊልሙ አለቀ። ፈረንጁ የካሜራውን እግሮች አጠፈ።

እማማ ደብሪቱ እስከ በር ሸኟቸው። መልካም ነገር የሠሩ መስሏቸው ፊታቸው ፈክቷል።

«ሰሙኝ እንግዲህ፣ ልጄ? ጠመንጃ ይልኩለታል?»

እምሩ ማይክሮፎኑን እንደያዘ መሬት መሬት አየ።

«አዎን» አለ።