መምህር ገብረሰንበት የነፈገው አሜን

«ባልሽና ገመዳ ከድንኳኑ ጀርባ ምን ይንሾካሾካሉ?» አለቻት አክስቷ ፀሐይነሽ፣ የንፍሮ ሰሃኑን ከጭኗ ላይ ሳታነሳ።

ሔዋንም አይታቸዋለች። ባሏ ይትባረክ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፤ የአባቷ የልብ ወዳጅ ጋሽ ገመዳ ደግሞ እጃቸውን እያወናጨፉ ይሞግቱታል። ዞር ብላ ስታያቸው ሁለቱም ዝም አሉ። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ እንዲህ ሲሆኑ የመጀመሪያቸው አይደለም። ምን ቢደብቁኝ ነው?

አክስቷ ጠጋ አለቻትና የሔዋን አባት የሠርጓን ምርቃት አሜን ሳይልላት እንደሞተ፣ ይህንንም ሠርጉ ላይ የነበረ ሁሉ እንደሚያውቅ በጆሮዋ ነገረቻት። ፀሐይነሽ ለቅሶ ቤት ስትመጣ ለሐዘንተኛ የምትይዘው ስንቅ ይኸው ነው።

ነገሩ ግን እውነት ነበር። ሔዋን ስትዳር መራቂው ጋሽ ገመዳ ነበሩ። «ቤታችሁ አይጉደል፤ አንዳችሁ ለሌላችሁ የታመናችሁ ሁኑ» ሲሉ አዳራሹ በአሜን ተናጋ። አባቷ ከንፈሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ያን ማታ ይትባረክ፣ አባባ ከድምፅ ማጉያው ሥር ስለተቀመጡ ምርቃቱን አልሰሙትም ብሎ አጽናናት። ማመን ስለፈለገች አመነችው።

አባቷ መምህር ገብረሰንበት ዕድሜውን ሙሉ ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጡ ያስተማረ ሰው ነው። አሜን መሐላ ነው ይል ነበር። በኦሪት ካህኑ ባሏ ለጠረጠራት ሴት የመሐላውን ቃል ሲናገር እሷ «አሜን፣ አሜን» ካለች ራሷ እንደማለች ትቆጠራለች። ሌዋውያኑ እርግማኑን ሲያሰሙም ሕዝቡ ለእያንዳንዱ አሜን እያለ በራሱ ላይ ያጸናው ነበር። ቃሉ ጽኑ፣ የታመነ ማለት ነው፤ የእኛም «አመነ» የዚያው ቤተሰብ ነው። ኋላ የጸሎት መዝጊያ መሆኑ አባቷን አላስከፋውም። የሚያንገበግበው፣ ጎረቤት «ዛሬስ መብራት አይጥፋ» ሲል ሳያስብ አሜን ብሎ የሚያልፈው ሰው ነበር።

ይትባረክም ከዚህ ቁጣ አላመለጠም። አባቷ በማይሄድበት ጸሎት ቤት እንደለመደው «ሻሎም፣ አባባ!» እያለ ሲገባ ሽማግሌው «ጠይቀኸኝ ነው?» ይለዋል። ሻሎም ከእኛው ሰላም ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሙሉ መሆን፣ አለመጉደል ነው። የጥንቶቹ ሰዎች የወዳጃቸውን ሻሎም ይጠይቁና መልሱን ይጠብቁ ነበር። ዳዊት ከጦር ሜዳ የመጣውን ወታደር ስለ ጦርነቱ እንኳ የጠየቀው በዚሁ ቃል ነው። «አንተ ግን በር ላይ ጥለኸው ታልፋለህ» ይለው ነበር። ሔዋን ይህን ሁሉ ጥላቻ ነው ብላ በሆዷ ያዘችው።

ተነሥታ ከድንኳኑ ጀርባ ሄደች።

«ምንድን ነው የምትደብቁኝ?»

«ወይ ንገራት፣ ወይ ልንገራት» አሉ ጋሽ ገመዳ።

ይትባረክ ፊቷን ማየት አቃተው። «አባባ የሠርጋችን ቀን ሰምተው ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ።»

አባቷ እንደነፈጋት ሞተ ማለት ነው። የቀረውን ጋሽ ገመዳ ጨረሱት።

አባቷ፣ የኔን እምነት ያልያዘ ሰው ልጄን ያርቅብኛል ብሎ ስለፈራ፣ የማይቆምለትን ቃል በአፉ ሊያጸና አልፈለገም። ሆስፒታል ሲተኛ ይትባረክ ከአልጋው አልተለየም። አንድ ጠዋት «ሻሎም ነው፣ አባባ?» ብሎ ወንበር ሳበና ተቀምጦ መልሱን ጠበቀ። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አየውና «አይደለም። በጎኔ አገላብጠኝ» አለው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ይጠየቃል፣ በየጠዋቱም የጎደለውን ይናገራል።

«አንቺ ልብሱን ልታመጪ ቤት የሄድሽ ዕለት አስጠራኝ» አሉ ጋሽ ገመዳ። «የዚያን ቀን ምርቃት አንድም ቃል ሳትጥል ድገምልኝ አለ። ደገምኩለት። አሜን አለ፤ መልሶም አሜን አለ። ራሴ እነግራታለሁ ብሎ ነበር። ሳትደርሺበት አረፈ።»

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?» ባሏን ነው የጠየቀችው።

«የኋለኛውን ስነግርሽ የፊተኛው ውሸቴ ይወጣል» አለ። «ፈራሁ።»

ሔዋን ወዲያው ማመን ከበዳት። አንዴ የዋሸ ሰው ሁለተኛ አይዋሽም ያለው ማነው? የይትባረክን እጅ አየችው። በሽተኛ ሲያጥብ የሰነበተበት መድኃኒት ቆዳውን አሻክሮታል። ይህ እጅ ሰሞኑን ሁሉ አጠገቧ ነበር፤ አላየችውም።

«ምርቃቱን ለእኔም ይድገሙልኝ፣ ጋሼ» አለች።

ደገሙላት። ሰሞኑን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ላላት ሁሉ ስትመልሰው የነበረው ቀላል አሜን አፏ ላይ ደረሰ። ገታችው።

የባሏን እጅ ይዛ ወደ ድንኳኑ ገባች። አክስቷ ዓይኗን አፍጣ ታያለች። ሔዋን የአባቷ ፎቶ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው፣ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ነጠላዋንም ዘርግታ የሁለቱንም ጉልበት ሸፈነች።

«አሜን» አለች ፎቶውን እያየች። ቆይታም፣ እንባዋ እየወረደ፣ «አሜን» አለች።