የእጅ ካልሲ

ፈታኟ ባትሔን በሩ እንደተከፈተ አወቀችው፤ ሴትዮዋን ሳይሆን ንግግሩን። «የምኖረው ቂርያት ማላኪ ነው፣ ቤተሰቤን እወዳለሁ» እያለ እንደ ዳዊት የሚደገመውን ይህንኑ ዕብራይስጥ ጠዋት ከሌሎች ሴቶችም ሰምታዋለች። አንድ ጎረቤት ለሁሉም አስጠንቷል ማለት ነው።

ቦታው እስራኤል፣ ገደራ ከተማ ነው፣ አዋቂዎች ዕብራይስጥ የሚማሩበት ኡልፓን፤ ዕለቱ የቃል ፈተና። ወይዘሮ ማናዬ ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ውስጥ አትክልት ሲያሽጉ የኖሩ ናቸው። ካለፉ ያቭነ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናት ረዳትነት ኮርስ ይገባሉ፤ ከወደቁ ያው ፋብሪካው ነው።

ሁለተኛዋ ፈታኝ ኢሪት ፈገግ አለች። ስሕተት የለ፣ መሰናከል የለ! ባትሔን ግን ደሟ ፈላ። የተሸመደደ ንግግር ለቅልጥፍናም ለሰዋስውም ነጥብ አያስገኝም፤ የሚመዘነው ተናጋሪው እዚያው ከራሱ የሚያወጣው ነው። እናቷን የሚያህሉ ሴት ማቋረጥ ነውር ቢሆንም አቋረጠቻቸው።

«ሥራ ላይ ምንም የማታውቅ አዲስ ሴት መጣችብዎ እንበል። ምን ያስተምሯታል?»

ወይዘሮ ማናዬ ዝም አሉ። የኢሪት እስክሪብቶ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሴትዮዋ ቀና ብለው ጀመሩ፤ ማን ያቁማቸው! ወንዱን ሴት አደረጉት፣ ትናንትን ነገ አደረጉት። ጓንት የሚለው ቃል ሲጠፋባቸው «የእጅ ካልሲ» ብለው አለፉ። የጎንደር አነጋገራቸው ዕብራይስጡን ያጠብቀዋል። ያቺ አዲስ ሴት ግን ቢላዋ የት እንደሚቀመጥ፣ አለቃ ሲጮህም እንዴት እንደሚታለፍ አጥርታ ተማረች።

ፈታኞቹ ለየብቻ የሰጡትን ነጥብ ሲያስተያዩ፣ ወይዘሮ ማናዬ በኢሪት ወድቀዋል፣ በባትሔን አልፈዋል።

«አነጋገራቸው ከባድ ነው» አለች ኢሪት።

«ያልገባሽ ቃል ነበር?»

«አልነበረም።»

«እንግዲያው የምንመዝነው የሚሉት ለሰሚ መግባቱን ነው እንጂ የመጡበትን አገር አይደለም። ዝምታውስ? ቅልጥፍና የሚጎድለው መሀል ላይ ቃል ፍለጋ ሲቆሙ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ገና ሲጠየቁ አፍ መክፈት ቅለት ነው።»

ኢሪት የተቀዳውን መልሳ አዳመጠች። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ከጀመሩ ወዲህ አልቆሙም» ብላ የአነጋገሩንም የቅልጥፍናውንም ነጥብ ከፍ አደረገች። «ሰዋስዉ ግን አይነካም።»

«አይነካ። ስሕተቱ ብዙ ነው፣ ሐሳባቸውን ግን አልጋረደውም። እኔም መካከለኛ ነው የሰጠኋቸው።»

«ለቃላት ግን ሙሉ ሰጥተሻል! ካልሲው ብልሃት ነው፣ ይቆጠርላቸው። ግን ከፋብሪካ ወሬ መች ወጡ?»

ባትሔን አፈረች። እውነት ነው፣ አንጀቷን በልተውት ነበር። ቀነሰች። አሁን በሁለቱም ፈታኞች አልፈዋል።

ውጤት ግን በዕለቱ አይነገርም። ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ማናዬ በአማርኛ ያዟት።

«አንቺ ልጅ! ትልቅ ሰው ሲናገር ይቋረጣል? መጨረሻው ላይ እኮ ለእናንተ ምርቃት ነበረው!»

«አሁን ይመርቁኝ» አለች ባትሔን።

እጃቸውን ዘርግተው በዕብራይስጥ ጀመሩ። እመሀሉ ሲደርሱ የሸመደዱት ጠፋባቸው፤ የቀረውን ከራሳቸው ሞሉት። ባትሔን አንገቷን ደፍታ አሜን አለች።