ከደረት በላይ

በ1970 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በራፍ ላይ ባለው አግዳሚ ሰው ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። ሐረግም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ከመሃል ተቀምጣለች። በሩ ገርበብ ያለ ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል።

ነገሩ አንድ ፎቶ ነው። ደሴ ከተያዘ ተማሪ ኪስ የተገኘ፣ ስም ያልተጻፈበት። ከሌላ አገር የመጣው ካድሬ አራጌ፣ ማንንም «ታውቀዋለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «አላውቅም» ሲሉት ሰልችቶታል። የምታየውን ንገረኝ ነው የሚለው። ጎረቤቷ ቦጋለች ጠዋት ገብታ፣ አላውቀውም ብላ ስታበቃ፣ ረጅም ቀይ ልጅ ነው አለች። ፎቶው ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ ልጁም ከደረቱ በላይ ብቻ ነው የሚታየው። አራጌ ሳቅ ብሎ ቁመቱን የት እንዳየችው ጠየቃት። ቦጋለች በገባችበት በር አልወጣችም። በጓሮ ወሰዷት።

ሐረግ ተጠርታ ገባች። ፎቶውን አየች። ውበቱ ነው፣ አንድ ልጇ። ደሴ አራት ዓመት ተምሮ፣ አሁን አቀስታ እህቷ ወርቄ ቤት ከጎተራው ኋላ ተሸሽጎ የሚያድር።

«ፊደል ስላልቆጠሩ አይስጉ፣ እማማ» አላት አራጌ።

«ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይኔ አልጠፋም። ወዲህ በለው።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ዘይነባ እስክሪብቶዋን አነሳች። ሐረግ ወረቀቱን አስጠግታ ያዘች። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። የማላየውን እንዳልናገር፣ አለች ለራሷ።

ኮት ለብሷል አለች። ክራባት አስሯል። ኮቱ የራሱ አይደለም።

አራጌ ቀና አለ። «የራሱ አለመሆኑን ማን ነገረዎት?»

ፎቶ አንሺው ቤት ለሁሉም የሚያውሰው ኮት መሆኑን የነገራት ውበቱ ነው። ቢሆንም ጣቷን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«እየው፤ ትከሻው አልፎ ተርፏል። ኮሌታው ከአንገቱ ርቆ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ጥጥ ፈትያለሁ፣ ልብስ በልኩ ሲሆንና ሳይሆን ልታስተምረኝ ነው?»

ዘይነባ ሳቋን ዋጠች። አራጌ ቁመቱን ጠየቃት።

«እግሩን ከቆረጠው ፎቶ አንሺ ጠይቅ።»

መልኩንም ጠየቃት። ወረቀቱ እንደ ማድቤት ግድግዳ ጠቁሯል፣ ከዚህ ላይ ቀይና ጠይም የሚለይ ጠንቋይ ነው አለችው። አራጌ በጣም ሳቀ። ይኼኔ ፍርሃቷ ትንሽ ለቀቅ አላት፤ ምላሷም ሞቀ። ከወረቀቱ ውጭ አንዲት ነገር እንደማታውቅ ልታሳየው ፈለገች። ጸጉሩ በጎን ተከፍሏል አለች። ጆሮው ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው። አገጩ ላይ ጎድጓዳ አለ። የአንዱ ቅንድቡ ጸጉር ከመሃል ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ እስከ ግንባሩ ይዘልቃል። በድርቁ ዓመት እህል ሲታደል ሰው ገፍቶት ድንጋይ ላይ ወድቆ ነው፤ ይህንን ግን ዋጠችው።

አራጌ ሳቁን አቆመ። ፎቶውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አዞረና ቅንድቡን አየው።

«ሃያ ሰው አይቶታል፤ ይህን ያየ አንድ የለም። እዚህ ፎቶ የሚያባዛ የለንም። በቃል የሚስልልኝ ሰው ነበር የቸገረኝ።»

ለዘይነባ አንብቢላቸው አላት። ዘይነባ አነበበች፦ ስሙ ያልታወቀ፣ ዕድሜው ከሃያ እስከ ሃያ ሁለት የሚገመት፣ ጆሮው ወጣ ያለ፣ አገጩ የጎደጎደ፣ አንዱ ቅንድቡ ከመሃል እስከ ግንባሩ የተሰነጠቀ፤ ያየ ለቀበሌው እንዲያስታውቅ። ስለ ኮቱ አንድ ቃል አልነበረም፤ አራጌ ልብስ ይወልቃል ብሎ አሰርዞታል።

ሐረግ ያን ጊዜ ገባት። ሌላው ሁሉ አይቶ እንዳላየ አልፎታል። ጆሮውንም አገጩንም ቅንድቡንም ቆጥራ ያስረከበች እሷ ናት።

ጣትሽን አምጪ ተባለች። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ ጫኑት።

ስትወጣ ዘይነባ ወረቀት ልታደርስ መስላ ተከተለቻት። አንገቷን እንደደፋች፣ ማስታወቂያው ለአቀስታም ለማሻም ለኩታበርም እንደሚላክ፣ የአቀስታው አሁኑኑ በመኪና እንደሚሄድ ነገረቻት። ማንነቱን አልጠየቀቻትም።

ሐረግ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። በለበሰችው ነጠላ የአቀስታን መንገድ ያዘች። በእግር ሁለት ቀን ነው። ዳገቱን ሳትጨርስ የመኪና ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ዳር ያዘች። መኪናው አጠገቧ ቆመ።

«ወዴት ነው፣ እማማ?» አለ ሾፌሩ።

«አቀስታ፣ ለቅሶ» አለች።

ይውጡ እንግዲህ፣ በእግር አይደርሱም አላት። ጋቢናው ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ፣ የቀበሌው ማኅተም ያረፈበት ፖስታ ተቀምጧል። ሾፌሩ አንስቶ፣ እንዳይጨማደድ ይያዙልኝ ብሎ ጭኗ ላይ አኖረው። ሐረግ በሁለት እጇ ይዛው ተቀመጠች። ከተማው ጫፍ ላይ አውርደኝ ብላ ለመነችው። ፖስታው የአቀስታ ቢሮ ደርሶ እስኪቀደድ ድረስ ያለችው ጊዜ ብቻ ነው ያላት፤ የወርቄ ቤት ደግሞ ከቢሮው ማዶ፣ ከገበያው ባሻገር ነው።