ለሌለው ገዢ የተጻፈ ደብዳቤ

ሻጯ በሽያጭ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች። መጀመሪያ መጋረጃ ሸጠች፣ ኋላ የቤት ዕቃ፣ አሁን ደግሞ ገና ያላለቀ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ያሉ መኖሪያ ቤቶችን ትሸጣለች። ባልደረቦቿ ቅቤ አንጓች ይሏታል። እሷ ግን ከምላሷ ይልቅ የምትተማመነው በጆሮዋ ነው፤ ደንበኛው የሚፈልገውን ራሱ እስኪናገር ዝም ብላ ትሰማለች።

የሽያጭ ቢሮው ከሕንፃው ሥር ያለ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የስልሳዎቹን ቤቶች ቦታ የሚያሳይ ትልቅ ፕላን ተለጥፏል። ቤት ሲሸጥ በቦታው ላይ ቀይ ነጥብ ይለጠፍበታል።

ከሦስት ወር በፊት አዲስ የሽያጭ ኃላፊ መጣ። በዕድሜ ከእሷ በአሥር ዓመት ያንሳል፣ ፈጣን ነው፣ ክፉ ሰው ግን አይደለም። መጀመሪያ ያዘዛት ለማንኛውም ደንበኛ የአሥረኛውን ፎቅ ቤት አስቀድማ እንድታሳይ ነበር።

«አሥራ ስምንት ሚሊዮን የሰማ ጆሮ፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ሲባል እፎይ ይላል» አላት።

ይህ አልከበዳትም። ቤቱ አለ፣ ዋጋውም እውነተኛ ዋጋው ነው፤ አንድ ሐኪም እዚያው ፎቅ ላይ አንዱን በዚያው ዋጋ ገዝቷል። በሳምንቱ ግን ኃላፊው የመካከለኛ ፎቆችን የዋጋ ዝርዝር አሳትሞ መጣ። አሥራ ሁለት ሚሊዮን ተሰርዞ ከሥሩ ዘጠኝ ተጽፏል።

«በአሥራ ሁለት የሸጥነው መቼ ነው?» አለችው።

«ማንም አይጠይቅም።»

እውነትም ማንም አልጠየቀም። ቀጥሎ ቀይ ነጥቦቹ መጡ። በእርግጥ የተሸጡት አሥራ ዘጠኝ ቤቶች ነበሩ፤ ግድግዳው ላይ ግን አርባ ሦስት ሆኑ። የመጀመሪያው ፎቅ ስድስቱም ቤቶች ቀይ ለበሱ። ኃላፊው እንዳለው ታችኛው ፎቅ መቼም ገዢ አያጣም፤ መጀመሪያ ማለቅ ያለበት ላይኛው ነው። «ሰው ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ባዶ ምግብ ቤት ገብቶ የሚበላ ማን ነው?» አለ እየሳቀ። ነጥቦቹን በገዛ እጇ የለጠፈችው ሻጯ ነበረች።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃ ይፈራሉ። የድሮ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ቤት ተጠግተዋል።

«ልጄ፣ እኔ የምፈልገው የመጀመሪያ ፎቅ ነው። ከሰባት ሚሊዮን በላይ ደግሞ አላወጣም፤ ምዬ ነው የመጣሁት» አሉ።

ሻጯ ልማዷን ተከተለች። አሥረኛውን ፎቅ በሥዕል አሳየቻቸው፤ «ኧረ በስመ አብ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ አምስተኛውን ፎቅ፣ የተሰረዘውን አሥራ ሁለትና ከሥሩ ያለውን ዘጠኝ አሳየቻቸው። አዋላጇ ወረቀቱን ጠጋ አድርገው አዩት። «ሦስት ሚሊዮን ቀንሳችኋል ማለት ነው?» አሉ። ስለ ሰባቱ መሐላ ከዚያ በኋላ አላነሱም።

«የመጀመሪያው ፎቅስ?»

«አልቋል፣ እማማ። ያዩታል፣ ሁሉም ቀይ ነው። አምስተኛው ላይም የቀረው ይሄ ብቻ ነው፤ ለእሱም ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ባልና ሚስት ይመጣሉ።»

የሚመጡ ባልና ሚስት አልነበሩም።

አዋላጇ ግድግዳውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «እኔ ስለ ኮንክሪትና ስለ ብረት ምን አውቃለሁ? ይሄ ሁሉ ሰው ግን አጣርቶ ነው የገዛው። አርባ ሰው አይሳሳትም» አሉና ቀብዱን ከፍለው ፈረሙ። ሊፍቱ የሚገባው ከዓመት በኋላ እንደሆነ ሻጯ ነግራቸዋለች፤ ይህን አልደበቀችም። «ምን ይደረግ፣ እስከዚያ እያረፍኩ እወጣለኋ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ተመልሰው መጡ። አንድ ፖስታ አቀበሏት።

«የገዢዎቹን ስልክ መስጠት እንደማይፈቀድልሽ ገብቶኛል። ይሄንን ብቻ ከመጀመሪያ ፎቅ ገዢዎች ለአንዱ አድርሽልኝ። ጎረምሳ ከሆነ እሺ ይለኝ ይሆናል።»

ከሄዱ በኋላ ፖስታው ስላልታሸገ ከፍታ አነበበችው። «ለማላውቅዎ ጎረቤቴ» ይላል። «በጉልበቴ ምክንያት ደረጃ አልችልም። እርስዎ ጤነኛ ከሆኑ ቤት እንቀያየር፤ የዋጋውን ልዩነት አልጠይቅዎትም። ልጅ ሲወለድልዎ ደግሞ በነጻ አጥብልዎታለሁ።»

ሻጯ ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ሌላ ደንበኛ መጣ፤ ማስረዳት ጀመረችና መሃል ላይ የምትለው ጠፋት። ደብዳቤውን የምትሰጠው ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ስልክ አንስታ አዋላጇን ጠራቻቸው።

ሲመጡ ቁጭ እስኪሉ እንኳ አልጠበቀችም።

«እማማ፣ የመጀመሪያው ፎቅ አልተሸጠም። ከስድስቱ አንዱም አልተሸጠም። አሥር ሰዓት ላይ የሚመጣም ሰው አልነበረም። አሥራ ሁለት ሚሊዮን የሚባል ዋጋም ኖሮ አያውቅም።»

አዋላጇ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ነጥቦቹን ማነው የለጠፈው?» አሉ።

«እኔ።»

ኃላፊው ድምፅ ሰምቶ ከውስጥ ወጣ። «እናቴ፣ ይሄ የገበያ አሠራር ነው። ማንም አላስገደደዎትም» አለ።

«ስማ፣ የኔ ልጅ» አሉት አዋላጇ። «ሠላሳ አራት ዓመት ሴቶችን 'ግፊ!' እያልኩ ጮኬባቸዋለሁ። የምጮኸው ግን ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ ግፊ ብትላት ትደክማለች፣ ትጎዳለች። እሷ እኮ ማየት አትችልም፤ የምታምነው የኔን ቃል ነው። እናንተ ያለ ሰዓቱ ጮኻችሁብኝ።»

«የመጀመሪያውን ፎቅ በስድስት ሚሊዮን ተኩል እሰጥዎታለሁ» አለ ኃላፊው።

«ስድስት ተኩሉስ እውነት መሆኑን በምን ልወቅ? ቀብዴን መልሱልኝ። የዚህን ሰፈር ግማሹን ያዋለድኩ ነኝ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።»

ገንዘባቸውን ተቀብለው ሄዱ። ሻጯን አላመሰገኗትም።

ኃላፊው በሩን ዘጋ። «አንቺም እኮ አሥረኛውን ፎቅ አስቀድመሽ ታሳያለሽ። ልዩነቱ ምንድነው? ማሳመን ያው ማሳመን ነው።»

ሻጯ ወንበር ወደ ግድግዳው አስጠጋች። «'አሥረኛውን መጀመሪያ ያሳየሁዎት ሌላው ርካሽ እንዲመስልዎ ነው' ብላቸው ይስቁ ነበር፤ ቤቱም ዋጋውም አለ፣ ራሳቸው ይመዝኑታል። ነጥቡን ግን ውሸት ነው ብዬ ከነገርኳቸው ነጥቡ ዋጋ የለውም። የሚሠራው እስካላወቁ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ቤት በእውነት ብቻውን ሲቀር 'አንድ ነው የቀረው' እላለሁ፤ አላፍርም።»

«ሽያጩ ሲወርድ ታያለሽ።»

«ሊወርድ ይችላል።»

ወንበሩ ላይ ወጥታ የውሸቶቹን ነጥቦች መላጥ ጀመረች። ሃያ አራት ነበሩ። አንዳንዶቹ የፕላኑን ወረቀት ይዘው ተነሱ። ኃላፊው አልከለከላትም፤ ስልኩን አንስቶ ለሕንፃው ባለቤት ደወለ። ባለቤቱ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ሴትዮዋ እውነት ያን ያህል ሰው ያውቃሉ? ያውቃሉ ሲባል የተሰረዘው ዋጋ ያለበት ወረቀት እንዲሰበሰብ አዘዘ። ሻጯ የዚያን ወር ጉርሻ እንዳታገኝም አዘዘ። ኃላፊውን ምንም አላለውም።

ሽያጩ በእርግጥ ወረደ። በሁለት ወር ውስጥ የተሸጡት ሁለት ቤቶች ናቸው። አዋላጇ ከሌላ ሰው ደረጃ የሌለው አንድ አሮጌ ቤት እንደገዙ ሻጯ በወሬ ሰማች። ኃላፊው ከእሷ ጋር ሰላምታ ብቻ ነበረው፤ ደንበኛ ፊት ግን «ተሸጧል» የሚለውን ቃል ሳያጣራ መናገር ተወ።

አንድ ቀን አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ከሚስቱ ጋር መጣና ግድግዳውን አየ።

«ከስልሳው ሃያ አንድ ብቻ?»

«ሃያ አንድ ብቻ።»

«ለምን? ችግር አለው እንዴ?»

«ዋጋው ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ሊፍቱም ገና አልገባም። ከገዙት ውስጥ ሁለቱ ስልካችንን ስጪ ብለውኛል፤ ደውሉላቸውና የሚያማርሩት ካለ ከራሳቸው ስሙ» አለችና ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፈችለት።

ሚስትየዋ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እንግዲህ እናስብበት» አለች።

«አስቡበት» አለች ሻጯ፣ እስከ በሩም ሸኘቻቸው።