ውሃ የገባበት ድምፅ

ሸረፈዲን የሱቁን የብረት መዝጊያ ባወረደ ቁጥር «ለደኅንነትህ ነው» ይላል። ቁልፉ ግን የሚገባው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ይማም መጀመሪያ ሰሞን ምርቃት ይመስለው ነበር፤ ኋላ እየቆየ ሲሰማው ግን እንደማያጠግብ ምሳ ሆነበት። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ክፉ አልነበረም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው፣ ከጂዛን አትክልት ገበያ ጀርባ የሞባይል ሱቅ ለከፊሉ፣ ለዓረብ አሠሪው፣ የሚይዝ የአገር ልጅ ነው። ይማም ደግሞ በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ ወረቀት የሌለው፣ ጀዋዛት፣ የኢሚግሬሽን ፖሊሱ፣ ካገኘው በቀጥታ ወደ እስር ቤት የሚጫን ሰው ነው። ስለዚህ ሸረፈዲን ከውጭ ይቆልፋል፣ ይማም ከውስጥ ይሠራል፣ ሁለቱም ይህን ውለታ ይሉታል።

ሥራው የድምፅ ነው። የሠርግ ቅጂ ያጠራል፣ ሜሞሪ ይሞላል፣ የተበላሸ ስፒከር ይቀይራል። በሱቁ ውስጥ ስሙ እንኳ ይማም አልነበረም፤ ሸረፈዲን «ፈኒ» ይለዋል፣ ባለሙያው እንደማለት። ወረቀት የሌለው ሰው ስሙ በጎዳና እንዳይጠራ ነው ብሎ ነበር። ከደቡብ፣ ከየመን ድንበር፣ ከጡዋል በኩል፣ አልፎ አልፎ ከባድ ነገር ሲፈነዳ የመደርደሪያው መስተዋት ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ውጭ የዓለምን ወሬ የሚያገኘው በመዝጊያውና በወለሉ መካከል ባለችው ጣት በምታስገባ ክፍተት ነው።

ሙያውን የተማረው ደሴ፣ ጋሽ ክፍሌ ስቱዲዮ ነው። ከአገር ከወጣ ወዲህ ግን ለእናቱ አንድ ቀን እንኳ ድምፁን አላሰማም። የሚልከው ነገር በእጁ ሲገባ ያኔ እደውላለሁ ይል ነበር፤ ባዶ እጁን «አለሁ» ማለት አፈረ። ኩራት ለድሃ አይበጅም፤ እሱም ይህን ያውቃል፣ ማወቁ ግን አላስደወለውም።

ሙፊዳ የምትባል የወረባቦ ልጅ ከሱቁ ጀርባ ባለ ቤት ሠራተኛ ነች። ዳቦ ስትላክ በመዝጊያው ፊት ታልፋለች፤ እሷም እንደ ሸረፈዲን ፈኒ ብላ እንጂ አታውቀውም። አንድ ቀን ጫማዋን የምታስተካክል መስላ መዝጊያው ሥር ተጎነበሰችና አንዲት ሜሞሪ ካርድ አሾልካ አስገባች። ወንድሟ ኑሩ እዚሁ አገር እስር ቤት ነው አለችው። ባሕር ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ ተብሎ አገር ቤት ተለቅሶለታል፤ ሚስቱ ሙኒራም ዒዳዋን፣ የሐዘን መቆያዋን፣ ስለጨረሰች የአገሩ ሽማግሌዎች ለሌላ ሰው ሊያጋቧት ነው፤ ኒካሁ፣ የጋብቻው ውል፣ ዓርብ ይታሰራል። ኑሩ በተደበቀ ስልክ አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን ልኳል፤ ያ ስልክ በነጋታው ተወስዷል። ድምፁን እንዳለ ወደ ወረባቦ ብትልከው ሽማግሌዎቹ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው የሚጮኽ እንጂ የኑሩ ነው የሚያሰኝ ነገር አልሰማንም አሏት። ከዚህ በፊት አንድ ደላላ የሌላ ሰው ልቅሶ አሰምቶ አታሏቸዋል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው።

«ሙኒራ አልጠላችውም» አለች ሙፊዳ። «ድምፁን ካወቀች ዕድሜ ልኳን ትጠብቀዋለች። አብሽሪ፣ አይዞሽ ብያታለሁ።»

ይማም ካርዷን ከፍቶ አዳመጠ። እስር ቤቱ ውስጥ ትልቅ የአየር ማውጫ ሞተር አለ፤ ከሥሩ የኤሌክትሪኩ እምም የሚል ድምፅ፣ ከላዩ ደግሞ ያ ሁሉ አየር የሚነፋው ሽሽ የሚል ድምፅ። የኑሩ ድምፅ በሁለቱ መካከል እህል መስሎ ይፈጫል። ግን ሁለቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለዋወጡ ናቸው፤ የማይለዋወጥ ጩኸት ደግሞ ደግ ጩኸት ነው፣ መውጣት ይችላል። ይማም ደስ አለው። ጋሽ ክፍሌ እንዳስተማረው ዋናውን ሳይነካ ግልባጭ አወጣ፤ እምም የሚለውን ለመቁረጥም እንደለመደው ማጣሪያውን ሃምሳ ኸርዝ ላይና በሃምሳ ብዜቶች ላይ አቆመ። እምምታው ንቅንቅ አላለም። «ይሄ የእስር ቤት ሞተር ነው፣ ደንድኗል» አለና ወደ ሌላው መሣሪያ ሄደ። ኑሩ መናገር ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ክፍት ቦታ መርጦ፣ ጩኸቱ ይህን ይመስላል፣ ይህንን የመሰለውን ሁሉ አውጣ ብሎ ማሽኑን አስተማረ፤ መቀነሻውንም እስከ ጥግ ሳበው። እምምታው ጠፋ፣ ሽሽታው ጠፋ። ድምፁ ትንሽ ውሃ ውሃ አለው፤ ይሁን፣ ቃሉ ይሰማል ብሎ ወደ ሙፊዳ ስልክ ላከ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

በማግሥቱ የሙፊዳ ጫማ ክፍተቷ ላይ ሲቆም ይማም ምስጋና ጠብቆ ነበር። እሷ ግን እያለቀሰች ነበር። ድምፁን ከፍተው ሲያሰሙ የኑሩ እናት ደረቷን መትታ ወድቃለች። ልጄ ከባሕር ውስጥ ሆኖ ነው የሚያወራኝ፣ አፉ ውሃ ሞልቶታል ብላ ለቅሶውን እንደ አዲስ ጀመረችው። ሽማግሌዎቹም ይሄ ወይ ጂን ነው ወይ የማሽን ሥራ ነው አሉ። ሙኒራ ለዓርብ የሚታረደውን በግ ልትነዳ ሄደች።

«ወንድሜን ሁለተኛ ገደልከው» አለችው ሙፊዳ። ከዚያ ዳቦዋን ይዛ ተነሣች፤ ሜሞሪ ካርዷን ግን መልሳ አልወሰደችም።

ይማም ተቀምጦ አፈረ። የኑሩ እናት ትክክል ነበረች። መቀነሻው ያለ ልክ ሲሳብ ማሽኑ የድምፁን እያንዳንዷን ቀጭን ክር ለየብቻ ይከፍታል ይዘጋል፤ የተረፈችው ፍርፋሪ እንደ ውሃ አረፋ ብቅ ጥልቅ ትላለች፣ የ«ስ»ና የ«ሽ» ጫፎች ይበላሉ። በሕይወት ያለን ሰው ውሃ ውስጥ የሚያስገባው ይሄ ነው። ግን ያን ያህል ለመሳብ ያስገደደው እምምታው ነው፤ እምምታው ለምን አልተቆረጠም?

በደንብ ለመስማት ክፍሉ ጸጥ ማለት አለበት። ይማም ኤሲውን አጠፋ። ፀሐይ ያገኘው መዝጊያ ወዲያው ክፍሉን ምጣድ አደረገው፤ ላቡ በጆሮ ማዳመጫው ሥር ይወርዳል። መተንፈሻ ልክፈት ቢል በሩ የእሱ አይደለም። ታፍኖ ተቀመጠና ድምፁን በሥዕል የሚያሳየውን መስኮት አወጣ። በሥዕሉ ላይ እምምታው እንደ ተዘረጋ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይታያል። ሽቦው ሃምሳ ላይ አልነበረም። አንዱ ስልሳ ላይ፣ ሌላው መቶ ሃያ ላይ፣ ሌላው መቶ ሰማንያ ላይ ነው። ይማም ተነሥቶ ባጠፋው ኤሲ ጎን ላይ የተለጠፈውን ምልክት አነበበ። ስልሳ ይላል። የዚህ አገር መብራት እንደ ደሴው በሃምሳ አይመታም፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ ተቆልፎ፣ ጆሮው ግን ገና ደሴ ነበር።

በስልሳውና በብዜቶቹ ላይ ስስ ስስ ቁራጭ አወጣ። እምምታው እንደ ተነቀለ ጥርስ ወጣ፣ የኑሩ ድምፅ ግን ከነውፍረቱ ቀረ። አሁን ሽሽታው ብቻ ነው። ለሽሽታው ናሙና ሊወስድ ትናንት ወደ መረጣት መነሻ ተመለሰና ጆሮውን ጣለባት። እምምታው ከላይዋ ከተነሣ ወዲያ ክፍት ቦታ አልነበረችም። ሰዎች አሉባት። በሹክሹክታ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ፣ ስማቸውን ይናገራሉ።

«ገብሬ፣ ከመቄት... በላይ ነኝ፣ ከኩታበር... መንግሥቱ በሉ፣ ከሐርቡ... ባዬ፣ ለእናቴ...»

ይማም እጁን ከመዳፊቱ ላይ አነሣ። ስልኩ በኑሩ እጅ ሳለ ጓደኞቹ የቻሉትን ወደ እሱ ጮኸው ሳይሆን ተንፍሰው አስገብተዋል። ትናንት ደግሞ እነዚህ ሰዎች ጩኸት ናቸው፣ አውጣቸው ብሎ ማሽኑን ያስተማረው ራሱ ነው። ማሽኑ ታዛዥ ነው፤ አወጣቸው።

ሌላ ናሙና ፈለገ። ድምፁ ሊያልቅ ሲል አንድ በር ይንኳኳል፤ ከዚያ ኑሩም ሌላውም ትንፋሹን ይውጣል። ያቺ ጥቂት ሰከንድ፣ ፍርሃት ያጸዳት፣ ሽሽታ ብቻ ያለባት ናት። እሷን ወሰደ። መቀነሻውን በጥቂቱ ሳበ፣ አዳመጠ፣ እንደገና በጥቂቱ ሳበ፤ የኑሩ «ስ» መጥፋት ስትጀምር ትንሽ መለሰላት። ሽሽታው ሁሉ አልጠፋም። እንደ ሩቅ ዝናብ ሆኖ ከኋላ ቀረ፤ ይማምም ተወው። ድምፅ ፊት ለፊት ቆሞ እስካወራ ድረስ ከኋላው ትንሽ ዝናብ ቢዘንብ ማንም አይሰጥምም። የመነሻውን ሹክሹክታ ግን ከፍ አደረገው። አብሮት ሽሽታውም ከፍ አለ፤ ይሁን አለ፣ ስም ይሰማል።

ሊዘጋ ሲል እጁን መለሰ። እስር ቤት ያሉት፣ ምንም በእጃቸው የሌለ ሰዎች፣ በሰው ስልክ ጫፍ ላይ ስማቸውን ለማስቀመጥ ሲሻሙ ሰምቷል። እሱ ቀኑን ሙሉ ማይክራፎን ፊት ተቀምጦ እናቱን ዝም ብሏታል። አለቀሰ፤ ላቡና እንባው ተደባለቀ። ከዚያ የሙቀቱ ነገር ሊያዝለው ስለደረሰ ኤሲውን አበራ፣ ማይክራፎኑን ሰካ፣ በድምፁ መጨረሻ ላይም «ይማም ነኝ፣ ከተሁለደሬ። እናቴ፣ አለሁ» አለበት። ኤሲው ከኋላው ይጮኻል። አላጠራውም። 

ሙፊዳ በመንገዷ ስታልፍ ካርዷ መዝጊያው ሥር ጠበቀቻት። አነሣቻትና መንገዷን ቀጠለች።

ዓርብ ሸረፈዲን ለጁምዓ ሲሄድ እንደ ልማዱ ቆልፎ ሄደ። ሶላቱ ሳያልቅ ጫማዋ መጣ። መሬት ላይ ሳትቀመጥ አልቀረችም፣ ድምፅዋ ከክፍተቷ ጎን ይመጣል፣ እየሳቀች ታለቅሳለች። ሙኒራ ገና ኑሩ ጉሮሮውን ሲጠርግ «እሱ ነው» ብላ ተነሥታለች። ኒካሁ ቀርቷል፤ የታሰረው በግ ለሠርግ ሳይሆን ለሰደቃ ታርዷል። የስሞቹ ወሬ በወረባቦው በቢስቲማ ገበያ ተሰምቶ የገብሬም የባዬም ዘመዶች እየተጠሩ ነው። አላህ እጅህን ይባርከው አለችው፣ እሱም አሜን አለ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንተ ፈኒ፣ አንድ ነገር አደራ ብለውኛል። መጨረሻ ላይ ይማም የሚባል እስረኛ አለ አይደል፣ ሞተር የሚጮኽበት? እናቱ ከተሁለደሬ በእግሯ መጥታ ነው የሰማችው። ደግማ ደጋግማ አስከፈተችው። ከሁሉም የሱ ክፍል ይጨንቃል፣ እዚያ ልጄን ብቻውን ነው የዘጉበት ትላለች። ልጄ መቼ ነው የሚፈታው ብላ ጠይቃለች። ምን ልበላት?»

ይማም ዞሮ ክፍሉን አየ፤ መዝጊያው ከውጭ ተቆልፏል። ኤሲው እምም ይላል። ውጭ ሸረፈዲን ቁልፉ እየተንቃጨለ ከመስጊድ ሲመለስ ይሰማል፤ ሙፊዳ መልሱን ሳትሰማ ዳቦዋን አንሥታ ሄደች።